ለጎልማሳ ጀማሪዎች የምሽት ቴኒስ እንዲፈቀድ ለስፖርት ክበብ ኮሚቴ ደብዳቤ አጻጻፍ

የሰፈር ስፖርት ክበብ ኮሚቴ «ጎልማሶች ቴኒስ ይማሩ» የሚል ጥያቄ ሲቀርብለት ፊት ለፊት እምቢ ማለቱ እምብዛም አይታይም። ደብዳቤው ይነበባል፣ «ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ይታሰብበት» ይባላል፣ በቃለ ጉባኤው ላይ አንድ መስመር ሆኖ ይቀራል። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የደብዳቤው ነው። ጸሐፊው ስለ ስፖርት ጥቅም ሁለት አንቀጽ ሲያትት ሜዳውን ማን እንደሚከፍት፣ መብራቱን ማን እንደሚያጠፋ፣ ሦስት ሰው ብቻ ቢመዘገብ የአሠልጣኙን ክፍያ ማን እንደሚሸፍን ሳይናገር ያልፋል። እነዚህን መልሶች ኮሚቴው ራሱ መፈለግ ካለበት ሥራው በእሱ ትከሻ ላይ ወደቀ ማለት ነው። የኮሚቴ አባላት ደግሞ አብዛኞቹ ከሥራ በኋላ በነፃ የሚያገለግሉ ሰዎች ናቸው።

ከዚህ በታች ያለው ሂደት በአንድ ምሳሌ ላይ ይሄዳል። ክበቡ ሁለት የሲሚንቶ ሜዳዎች አሉት እንበል፤ መብራት ያለው 2ኛው ሜዳ ብቻ ነው። ጥያቄው ማክሰኞ ማታ ለአንድ ሰዓት ተኩል፣ ለ8 ሳምንት፣ ቢበዛ ለ8 ሰው ነው። ቁጥሮቹን በእናንተ ክበብ ልክ ቀይሩ፤ የአሠራሩ ቅደም ተከተል ግን ባይቀየር ይሻላል።

መጀመሪያ ሜዳው ባዶ የሚሆንበትን ምሽት መቁጠር

ወረቀት ከማንሳታችሁ በፊት ሦስት ሳምንት በሜዳው ዳር እለፉ። ለጥያቄ ባሰባችኋቸው ምሽቶች በየግማሽ ሰዓቱ ሁለት ነገር ብቻ ጻፉ፦ ሜዳው ላይ ሰው አለ ወይ? ካለስ ስንት ነው? የመመዝገቢያ ደብተሩን ብቻ ማየት አይበቃም። በደብተሩ ላይ ተይዞ ማንም የማይመጣበት ሰዓት አለ፤ ሳይመዘገቡ መጥተው የሚጫወቱም አሉ።

በምሳሌአችን ማክሰኞ ማታ 2ኛው ሜዳ ከሦስት ሳምንት ሁለቱን ባዶ ሆኖ ተገኝቷል፤ በሦስተኛው አራት አባላት ጥንድ ለጥንድ ሲጫወቱ ነበር። ረቡዕ ግን ሦስቱንም ጊዜ ተይዟል። ይህ ቆጠራ ደብዳቤው ውስጥ የሚገባ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ክብደቱ ግን ከሁሉም ይበልጣል። «ሜዳው ብዙ ጊዜ ባዶ ነው» ብሎ የሚጽፍ ሰው ከኮሚቴው መካከል «እኔ ባየሁት ቁጥር ሞልቶ ነው» የሚል አያጣም። ቀን ጠቅሶ የቆጠረን ሰው ግን በግምት መከራከር ይከብዳል።

እነዚያን አራት ተጫዋቾች ደብዳቤው ከመግባቱ በፊት አነጋግሯቸው። ወሬውን ከኮሚቴው ከሰሙ ሜዳቸው የተነጠቀ ይመስላቸዋል፤ ተቃውሞውም በስብሰባው ላይ ይነሣል። አስቀድሞ የተጠየቀ ሰው ግን ብዙ ጊዜ «ከጨረሳችሁ በኋላ እንገባለን» ወይም «ሐሙስ ይሻለናል» ይላል። የተስማማችሁበትን በደብዳቤው ላይ ጥቀሱት፤ ስማቸውን ግን ያለ ፈቃዳቸው አትጻፉ።

መብራቱን በማታ ማየት

በቀን የታየ የመብራት ምሰሶ ምንም አይናገርም። ጨለማ ሲሆን መብራቱ በርቶ ሜዳው ላይ ቁሙና ኳስ ከራሳችሁ በላይ ወርውሩ። ኳሷ በከፍታዋ ላይ ከጠፋችባችሁ፣ ወይም በሜዳው ጥግ ላይ ጥላ ውስጥ ከገባች፣ ጀማሪ በዚያ ጥግ ላይ ኳስ አይመታም። ለመዝናኛና ለልምምድ ደረጃ በብዙ ቦታ የሚጠቀሰው መለኪያ በአማካይ 200 ሉክስ አካባቢ ነው። በስልክ የሚለካው ቁጥር ትክክለኛ ባይሆንም የሜዳውን አንድ ጎን ከሌላው ጎን ለማነጻጸር ይበቃል።

የአምፖሉን ዓይነት ጠይቁ። ኤልኢዲ ከሆነ ወዲያው ይበራል፣ ወዲያው ይጠፋል። የቆየው የሜታል ሃላይድ አምፖል ከሆነ ግን ሙሉ ብርሃን ለመስጠት ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል፤ አንዴ ከጠፋ ደግሞ ቀዝቅዞ እንደገና እስኪበራ አሥር ደቂቃና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ከእናንተ በፊት የተጫወተው ሰው ለቁጠባ ብሎ ካጠፋው ከልምምዱ ሩብ ሰዓት በጨለማ ያልፋል። ስለዚህ በደብዳቤው ላይ «መብራቱ ከሩብ ሰዓት በፊት ይበራል፣ በመካከል አይጠፋም» የሚል መስመር ይግባ። የመብራቱን ወጪ ለምታሰላው ገንዘብ ያዥም ሰዓቱ በግልጽ ይታወቃል።

ማብቂያውን ሰዓት ስታስቡ በአጥሩ ማዶ የሚኖሩትን አትርሱ። የኳስ ድምፅና የመብራት ነጸብራቅ የሚያስነሳው ቅሬታ የሚደርሰው ለኮሚቴው ነው። በምሳሌአችን ልምምዱ ከምሽቱ 1፡00 ይጀምርና 2፡30 ላይ ያበቃል፤ 2፡45 ላይ መብራቱ ይጠፋል።

ስምንት ሰው የተባለበት ምክንያት

ኮሚቴው «ለምን ስምንት? ለምን አሥራ ስድስት አይሆንም?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ብዙ ሰው ብዙ ክፍያ ነውና። መልሱ በሜዳው ስፋት ውስጥ አለ። የጥንድ ጨዋታ ሜዳ ስፋቱ 10.97 ሜትር ነው። አራት ጥንድ ሰዎችን ጎን ለጎን አቁማችሁ በመረቡ ላይ ኳስ እንዲቀባበሉ ብታደርጉ ለአንዱ ጥንድ የሚደርሰው 2.74 ሜትር ብቻ ነው። ራኬቱን ገና መቆጣጠር ያልቻለ ጎልማሳ በዚያ ስፋት ውስጥ ጎረቤቱን ይመታል። ሦስት ጥንድ ቢሆን 3.66 ሜትር ይደርሳቸዋል፤ ይህ በአጭር ርቀት ለመቀባበል ይሆናል። የቀሩት ሁለቱ ከአሠልጣኙ ጋር ከሜዳው ጀርባ አመታቱን ያለ ኳስ ይለማመዳሉ፣ በየአምስት ደቂቃው ይፈራረቃሉ። ዘጠነኛ ሰው ከገባ የሚጠብቀው ሰው ይበዛል፤ ቆሞ የሚጠብቅ ጀማሪ ደግሞ በሦስተኛው ሳምንት አይመለስም።

ከዚሁ ጋር የኳሱ ዓይነት ይጠቀስ። ለጀማሪዎች የተሠሩ ዝግ ያሉ ኳሶች አሉ። ብርቱካንማ ምልክት ያለው ከመደበኛው ኳስ በግማሽ ገደማ፣ አረንጓዴ ምልክት ያለው በሩብ ገደማ ይዘገያል። ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2007 ባስጀመረው የጀማሪዎች መርሐ ግብር እነዚህን ኳሶች ለሕፃናት ብቻ ሳይሆን ለጎልማሳ ጀማሪዎችም ይመክራል። «የልጆች ኳስ ነው» ብሎ የሚያኮርፍ ጎልማሳ ይኖራል፤ በመጀመሪያው ምሽት አሥር ጊዜ ሳያቋርጥ ሲቀባበል ግን ይረሳዋል። ክበቡ በመጋዘን የከተታቸውን ያረጁ ኳሶች ልስጣችሁ ቢል አመስግናችሁ ተዉት። የሞተ ኳስ ዝግ ያለ ኳስ አይደለም። በአየር ላይ እንደ መደበኛው ይፈጥናል፣ መሬት ሲነካ ግን ዝቅ ብሎ ይቀራል፤ ጀማሪውም ጎንበስ ብሎ ከመሬት መጫር ይለምዳል።

«ጀማሪ» የሚለውንም ቃል በአንድ መስመር ወስኑት፦ ራኬት ይዞ የማያውቅ፣ ወይም በሙሉ ሜዳ ላይ አሥር ኳስ ሳያቋርጥ መቀባበል የማይችል። ይህ መስመር ከሌለ መብራት ያለው ሜዳ ያጣ ጎበዝ ተጫዋች በጀማሪ ስም ይመዘገብና ሌሎቹን ያስፈራቸዋል።

ሒሳቡ፣ የሚያታልለው ክፍል

ምሳሌው የትም እንዲሠራ አንድ ሰው ለአንድ ምሽት የሚከፍለውን «አንድ እጅ» ብለን እንጥራው። አሠልጣኙ በምሽት 4 እጅ ይወስዳል፣ መብራቱ ግማሽ፣ የኳስ መተኪያ ግማሽ፤ በድምሩ 5 እጅ። እዚህ ላይ አብዛኛው ጠያቂ «አምስት ሰው ከመጣ ወጪው ይሸፈናል» ብሎ ይጽፋል። አይሸፈንም። መነሻ ዕቃ አለ፦ 48 ዝግ ያሉ ኳሶች፣ መያዣ ቅርጫትና ራኬት ለሌላቸው የሚዋሱ 4 ራኬቶች። ይህ አንድ ጊዜ የሚወጣ 12 እጅ ነው እንበል።

የስምንት ሳምንቱ ጠቅላላ ወጪ እንግዲህ 40 እና 12፣ ማለትም 52 እጅ ነው። አምስት ሰው በስምንት ሳምንት 40 ይከፍላል፤ 12 ይጎድላል። ስድስት ሰው 48 ይከፍላል፤ 4 ይጎድላል። ሰባት ሰው ሲሆን 56 ይገባና 4 ይተርፋል፤ ስምንት ሲሆን 64 ይገባና 12 ይተርፋል። ስለዚህ ዝቅተኛው ቁጥር ሰባት ነው። በደብዳቤው ላይ የሚገባው ዓረፍተ ነገርም ይህ ነው፦ ሰባት ሰው እስከ ተወሰነው ቀን ካልከፈለ ልምምዱ አይጀመርም፣ የተከፈለው ይመለሳል፣ ዕቃም አይገዛም። ገንዘብ ያዧ ይህን ካነበበች በኋላ የምትፈራው ነገር አይኖርም።

ሒሳቡ የሚሠራው ግን የስምንቱ ሳምንት ክፍያ አስቀድሞ ከተሰበሰበ ብቻ ነው። በየምሽቱ ይከፈል ከተባለ የመጀመሪያው ዝናብ ወይም የመጀመሪያው ብርድ ቁጥሩን ወደ አራት ያወርደዋል፤ አሠልጣኙ ግን ያው 4 እጁን ይጠብቃል። በዝናብ ለሚቀር ምሽት ሁለት ማካካሻ ማክሰኞዎች ከስምንተኛው ሳምንት በኋላ ይያዙ። የረጠበ የሲሚንቶ ሜዳ ያንሸራትታልና «ትንሽ ነው፣ እንጫወት» የሚለውን ውሳኔ ለተሳታፊዎች አትተዉ፤ የአሠልጣኙ ይሁን።

ኃላፊነት በስም

ደብዳቤው «አስተባባሪዎቹ ይከታተላሉ» ካለ ማንም አይከታተልም ማለት ነው። ቁልፍ የሚረከብ አንድ ሰው፣ እሱ በማይኖርበት ቀን የሚተካው ሌላ ሰው፣ በስምና በስልክ ይጻፉ። አሠልጣኙ ያለውን የሥልጠና ማስረጃ ቅጂ አባሪ አድርጉ። የክበቡ መድን አባል ያልሆኑ ሰዎችን የሚሸፍን መሆን አለመሆኑን ደግሞ ከኮሚቴው ጸሐፊ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ካልሸፈነ ለሙከራው ጊዜ ብቻ የሚሆን አጭር የአባልነት ምዝገባ መጠየቅ የተለመደ መውጫ ነው።

በጀማሪዎች ላይ የሚደርሰው ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነው፤ እግር ሥር የተንከባለለ ኳስ ረግጦ ቁርጭምጭሚት መወለም አንዱ ነው። የሩጫ ጫማ አድርጎ ወደ ጎን መሮጥም ያንኑ ያመጣል፤ ሶሉ ለስላሳና ከፍ ያለ ስለሆነ ወደ ጎን ይታጠፋል። «በየልምምዱ መካከል ኳስ ይሰበሰባል፤ ጠፍጣፋ ሶል ያለው፣ ሜዳውን ጥቁር የማያደርግ ጫማ ግዴታ ነው» የሚል አንድ መስመር ኮሚቴውን ያረጋጋል። የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥኑ የት እንዳለም እዚያው ይጠቀስ።

አሁን ደብዳቤው

ከአንድ ገጽ አይለፍ፤ ቆጠራው፣ ሒሳቡና ማስረጃው አባሪ ይሁኑ። «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ርዕሱን አንባቢው አሁን አንብቦታል። ጥያቄው በመጀመሪያው አንቀጽ ይውጣ። ጉዳዩ ላይ «ትብብር ስለመጠየቅ» ከማለት የሚፈለገውን ውሳኔ ጻፉ፤ ጸሐፊው አጀንዳ ሲያዘጋጅ የሚገለብጠው ያንን መስመር ነው።

> ቀን፦ ________
>
> ለ ________ ስፖርት ክበብ አስተዳደር ኮሚቴ
>
> ጉዳዩ፦ 2ኛው ሜዳ ማክሰኞ ማታ ለጎልማሳ ጀማሪዎች ልምምድ ለ8 ሳምንት ሙከራ እንዲፈቀድ ስለመጠየቅ
>
> 2ኛው የቴኒስ ሜዳ ከ________ ጀምሮ ለ8 ተከታታይ ሳምንታት፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 1፡00 እስከ 2፡30፣ ለጎልማሳ ጀማሪዎች ልምምድ እንዲፈቀድልን በአክብሮት እንጠይቃለን። ለዝናብ ማካካሻ ቀጣዮቹ ሁለት ማክሰኞዎች እንዲያዙልን እንጠይቃለን። 1ኛው ሜዳ እንደተለመደው ለአባላት ክፍት ይሆናል።
>
> ባለፉት ሦስት ሳምንታት ባደረግነው ቆጠራ (አባሪ 1) ሜዳው በዚህ ሰዓት ሁለቱን ማክሰኞ ባዶ ነበር። በሦስተኛው የተጫወቱትን አራት አባላት አነጋግረን ሐሙስ ለመጫወት ተስማምተዋል።
>
> ተሳታፊዎች ከ7 የማያንሱ፣ ከ8 የማይበልጡ፣ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በላይ የሆነና በሙሉ ሜዳ አሥር ኳስ ሳያቋርጡ መቀባበል የማይችሉ ናቸው። ምዝገባው በቅድሚያ ለክበቡ አባላት ይከፈታል፤ ቀሪው ቦታ ከአንድ ሳምንት በኋላ ለሌሎች ነዋሪዎች ይሆናል። ልምምዱን የሚመራው ________ ነው (ማስረጃው በአባሪ 2)።
>
> የአሠልጣኝ፣ የመብራትና የኳስ ወጪ ሙሉ በሙሉ ከተሳታፊዎች አስቀድሞ በሚሰበሰብ ክፍያ ይሸፈናል (አባሪ 3)። እስከ ________ ድረስ 7 ሰው ካልከፈለ ልምምዱ አይጀመርም፤ ክበቡም ወጪ አይኖረውም። ከሙከራው በኋላ ኳሶቹና ራኬቶቹ የክበቡ ንብረት ይሆናሉ።
>
> ቁልፍ የሚረከበው ________ (ስልክ ________)፣ ተተኪው ________ (ስልክ ________) ነው። መብራቱ 12፡45 ላይ በርቶ፣ በመካከል ሳይጠፋ፣ 2፡45 ላይ ይዘጋል።
>
> በ8ኛው ሳምንት የተገኙትን ሰዎች ብዛት፣ ገቢና ወጪውን፣ የቀረበ ቅሬታ ካለም እርሱን የያዘ አንድ ገጽ ሪፖርት እናቀርባለን። ኮሚቴው ጉዳዩን በ________ በሚደረገው ስብሰባ በአጀንዳ እንዲይዝልንና ውሳኔውን በጽሑፍ እንዲያሳውቀን እንጠይቃለን።
>
> ከሰላምታ ጋር
>
> (ስም፣ ፊርማ፣ የአባልነት ቁጥር)
>
> አባሪ፦ 3 ገጽ
> ግልባጭ፦ ለክበቡ ገንዘብ ያዥ

ስለ ሁለት ነገሮች ማብራሪያ። ለአባላት ቅድሚያ የሚሰጠው መስመር ደግነት ብቻ አይደለም፤ «ከውጭ ሰው አምጥተው ሜዳችንን ያዙት» የሚለውን ክርክር ከመነሣቱ በፊት ይዘጋዋል። ለገንዘብ ያዥ የሚሄደው ግልባጭ ደግሞ ሒሳቡን የሚያውቀው ሰው በስብሰባው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳያየው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየውን ቁጥር «ላጥናውና በሚቀጥለው እናምጣው» ይላል፤ የሚቀጥለው ደግሞ ከወር በኋላ ነው።

ከገባ በኋላ

ከስብሰባው ቢያንስ አሥር ቀን በፊት ለጸሐፊው በእጅ ስጡና በቅጂአችሁ ላይ የተቀበለበትን ቀን አስፈርሙ። ከስብሰባው ሦስት ቀን በፊት አጀንዳው ውስጥ መግባቱን በአጭሩ ጠይቁ። አንድ ሰው ተገኝቶ መልስ እንዲሰጥ ከተፈቀደ ቁልፍ የሚረከበው ሰው ይሂድ፤ ጥያቄው የሚያተኩረው በእሱ ሥራ ላይ ነውና።

መልሱ «ለ8 ሳምንት አይሆንም፣ ለ4 ይሁን» ሊሆን ይችላል። ደስ ብሏችሁ ከመቀበላችሁ በፊት ሒሳቡን መልሱ። በ4 ሳምንት የአሠልጣኝ፣ የመብራትና የኳስ ወጪ 20 እጅ፣ መነሻው ዕቃ ያው 12፣ ድምሩ 32 ነው፤ ስምንቱም ሰው ቢከፍል የሚገባው 32 ነው። አንድ ሰው ከጎደለ ኪሳራ ነው። እንዲህ ከሆነ ወይ ራኬቶቹ ከአባላት በውሰት ይገኙ፣ ወይ ዝቅተኛው ቁጥር ስምንት ይሁን፤ ይህን በሁለት መስመር ጽፋችሁ ለኮሚቴው መልሱ። «ማክሰኞ አይሆንም፣ ሐሙስ ይሁን» ከተባለ ደግሞ የሐሙስን ቆጠራ ከሌላችሁ ወዲያው እሺ አትበሉ። ሁለት ሐሙስ ቆጥራችሁ፣ በዚያ ቀን የሚጫወቱትንም አነጋግራችሁ መልሱ።

ውሳኔው በቃል ብቻ ከደረሳችሁ በዚያው ሳምንት «በ________ ስብሰባ ላይ ________ መፈቀዱን ተረድተናል» የሚል አጭር ደብዳቤ ለጸሐፊው ላኩና በቅጂው ላይ አስፈርሙ። ምዝገባውን የምትከፍቱት ከዚያ በኋላ ነው። ኳስና ራኬት የሚገዛው ደግሞ ሰባተኛው ሰው ሲከፍል ነው።